ሁለተኛ ገጽ ላይ ተቀርቅረው የቀሩ ጽሑፎችን ከሰርች ኮንሶል ሪፖርት ፈልጎ ማውጣት

አንድ ጽሑፍ አለኝ፤ ርዕሱ «እንጀራ ለምን ዓይን አያወጣም?» የሚል። ውጭ አገር ለሚጋግሩ ሰዎች ብዬ ነበር የጻፍኩት። ምጣዱ ሌላ፣ ዱቄቱ ሌላ፣ ወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ፤ ሊጡ እንደ አገር ቤት ቶሎ አይቦካም። ጥሩ ጽሑፍ ነው ብዬ አምን ነበር። ግን ከጉግል በሁለት ቀን አንድ ሰው ቢያመጣልኝ ነው። አንድ ቀን ራሴ ስልኬ ላይ ፈልጌ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለም። ሁለተኛውን ስከፍት ከላይ ሦስተኛ ሆኖ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማሻሻል አዲስ ከመጻፍ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ጉግል አግኝቶታል፣ ስለምን እንደሚያወራም ገብቶታል፤ የቀረው መንገድ አጭር ነው። ችግሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ እንዲህ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ እዚያ የተቀመጠው የሚገባው ቦታ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ እዚያ የለም፤ ሪፖርቱ አማካይ ቁጥር ስለሚሰጠን ብቻ ያለ ይመስለናል። የዚህ መመሪያ ሥራ ሦስቱን መለየት ነው። መሣሪያችን የጉግል ሰርች ኮንሶል ነው፤ ነፃ ነው፣ ሌላ የሚከፈልበት ነገር አያስፈልግም።

እንደ ምሳሌ የምወስደው ያንኑ የእንጀራ ጽሑፍ ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ ትንሽ አስተካክያቸዋለሁ።

## መጀመሪያ፣ ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሰርች ኮንሶልን ክፈቱና በግራ በኩል `Performance` ውስጥ `Search results` የሚለውን ተጫኑ። ከላይ አራት ሳጥኖች አሉ። ሁለቱ ብቻ በርተው ሊመጡላችሁ ይችላሉ፤ `Average CTR` እና `Average position` የሚሉትንም ተጭናችሁ አብሯቸው። ለእኛ ዋናው የመጨረሻው ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ «አማካይ ደረጃ» እለዋለሁ።

ደረጃ 1 ማለት ከላይ የመጀመሪያው ውጤት ነው። አንድ ገጽ በግምት 10 ውጤት ስለሚይዝ ሁለተኛ ገጽ ከ11 እስከ 20 ድረስ ነው እንበል።

ኢምፕሬሽን የሚባለው ግን ትንሽ ልብ ይፈልጋል። የእናንተ ሊንክ ያለበት የውጤት ገጽ ለፈላጊው ሲከፈትለት አንድ ኢምፕሬሽን ይቆጠራል። ሰውየው ወደ ታች ወርዶ ሊንኩን በዓይኑ ባያየውም ይቆጠራል። ሁለተኛ ገጽ ላይ ላለ ሊንክ ግን ሰውየው ሁለተኛውን ገጽ ካልከፈተ አይቆጠርም።

ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ሪፖርቱን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ደረጃ 13 ላይ ሆኖ 600 ኢምፕሬሽን ያገኘ ጽሑፍና ደረጃ 6 ላይ ሆኖ 600 ያገኘ ጽሑፍ እኩል አይደሉም። ደረጃ 6 ያለውን የፈለገ ሰው ሁሉ ተቆጥሮለታል። ደረጃ 13 ላይ ያለው የተቆጠረለት ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ሁለተኛው ገጽ ለተሻገሩት ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላው ያለው ፈላጊ ከ600 ሳይበልጥ አይቀርም። በዚያው ልክ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ክሊክ ጠፋ ብሎ ርዕስ መቀያየር ከንቱ ድካም ነው። ርዕስ የሚመረመረው ደረጃው 4 ወይም 5 ሆኖ ሰው ሳይጫነው ሲቀር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢምፕሬሽን የሚያስቆጥረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ደረጃ የሚከታተሉ ፕሮግራሞችም ያስቆጥራሉ። በሴፕቴምበር 2025 ጉግል በአንድ ገጽ 100 ውጤት ያሳይ የነበረውን `&num=100` የተባለ የአድራሻ ቅጥያ መቀበል አቆመ። እነዚያ ፕሮግራሞች በብዛት የሚጠቀሙት በእሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የብዙ ድረ ገጾች ኢምፕሬሽን በአንድ ጊዜ ወረደ፣ አማካይ ደረጃቸው ደግሞ የተሻሻለ መሰለ። ከዚያ ወር በፊት ያለውን ከዚያ በኋላ ካለው ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ ያልሠራችሁበትን ድል እንዳታከብሩ።

## ጊዜውን መምረጥ

ለምርጫ የምጠቀመው `3 months` የሚለውን ነው። 28 ቀን ለትንሽ ብሎግ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ባጋራው ቁጥሩ ይዘላል። ሪፖርቱ ወደ ኋላ የሚይዘው እስከ 16 ወር ነው፤ ያ ደግሞ ለምርጫ ረዝሞ የቆየ ነገር ይቀላቅላል።

የ16 ወሩ ሌላ ጥቅም አለው። የእኛ ፈላጊ በዓልና ጾም ይከተላል። የዶሮ ወጥ ጽሑፍ ለፋሲካና ለገና ሰሞን ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ይተኛል። የጾም ምግብ ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ ይነሳል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚቀያየር ደግሞ «አምና በዚህ ወር» ብሎ ማወዳደርም አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ዓይናችሁ ሲገባ በ16 ወር አንዴ እዩት። መስመሩ ተራራና ሜዳ ከሆነ ሥራውን ከበዓሉ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ መጨረስ ነው። እንጀራ ግን ዓመቱን ሙሉ ይጋገራል፤ የእኔ መስመር ቀጥ ያለ ነበር።

## እጩዎቹን ማውጣት

አሁን ከግራፉ በታች ያለውን ሠንጠረዥ እንጠቀማለን። `Queries` የሚለው ትር ሰዎች የጻፉትን የፍለጋ ቃል ያሳያል፤ `Pages` የእናንተን ጽሑፎች። ብዙ ሰው በ`Pages` ይጀምርና አማካዩ ከ11 እስከ 20 የሆነውን ለቅሞ ይወጣል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፣ ተሞኝቼበታለሁ። አንድ ጽሑፍ በመቶ የተለያዩ ቃላት ይወጣል፤ አማካዩ የማንኛቸውም ላይሆን ይችላል። መነሻው የፍለጋ ቃሉ ቢሆን ይሻላል።

ከላይ በቀኝ `Export` ከዚያ `Google Sheets` በሉ። ፋይሉ ሲከፈት `Queries` የሚባል ሉህ ታገኛላችሁ። አምዶቹ በቅደም ተከተል ቃሉ፣ ክሊክ፣ ኢምፕሬሽን፣ `CTR` እና ደረጃ ናቸው። አዲስ ባዶ ሉህ ክፈቱና የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ይህን ለጥፉ፦

```
=SORT(FILTER(Queries!A2:E, Queries!E2:E>10, Queries!E2:E<=20, Queries!C2:C>=100), 3, FALSE)
```

ደረጃቸው ከ10 በላይ እስከ 20፣ ኢምፕሬሽናቸው ደግሞ 100ና ከዚያ በላይ የሆኑትን አውጥቶ ብዙ ኢምፕሬሽን ካለው ጀምሮ ይደረድርላችኋል። ስሕተት ካመጣ የሉሁ የአገር ቅንብር ኮማ ሳይሆን `;` የሚፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩትና ሞክሩ። 100 የሚለው ለእኔ ብሎግ የሚስማማ ነው። ብሎጋችሁ ትንሽ ከሆነ 30 አድርጉት። የሚወጣው ዝርዝር ከ20 እስከ 40 ረድፍ ቢሆን በአንድ ቁጭታ ይታያል።

ሠንጠረዡ ከ1,000 ረድፍ በላይ አይሰጥም። ብሎጋችሁ ትልቅ ከሆነ ከማውጣታችሁ በፊት በ`Page` ማጣሪያ አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ የምግብ አሠራሩን፣ ለይታችሁ አውጡ።

## የፊደል ጣጣችን

ዝርዝሩን ስታዩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ፤ ያው ጥያቄ በሦስት በአራት ረድፍ ተበታትኖ ይመጣል። አንዱ «አይን» ብሎ ጽፏል፣ አንዱ «ዓይን»፣ ሌላው «ዐይን»። «አሰራር» አለ፣ «አሠራር» አለ። «ፀጉር» እና «ጸጉር» የውበት ብሎግ ያለው ሰው የዕለት እንጀራ ናቸው። ሪፖርቱ ሰው የጻፈውን ቃል በቃል ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ ብቻውን 40 ኢምፕሬሽን ይዞ ከ100 በታች ሆኖ ይወድቃል፤ አራቱ ሲደመሩ ግን 160 ነው።

መፍትሔው ሪፖርቱ ውስጥ ነው። `Add filter` ከዚያ `Query` በሉና ዝርዝሩ ውስጥ `Custom (regex)` የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ይህን ጻፉ፦

```
(እንጀራ|injera|enjera).*([አኣዓዐ]ይን|eye)
```

በቅንፉ ውስጥ ያሉት ፊደሎች «ከእነዚህ አንዱ ካለ ይሁን» ማለት ናቸው። በላቲን የሚጽፉትንም አስገብቻለሁ፤ ስልካቸው ላይ የግዕዝ ኪቦርድ የሌላቸው ብዙ ናቸውና። አሁን ግራፉ የጥያቄውን ድምር ያሳያል። ለየራሳችሁ ጉዳይ ሞክሼ ፊደሎቹን ብቻ መቀያየር ነው፦ `[ሰሠ]`፣ `[ጸፀ]`፣ `[ሀሃሐሓኀኃ]`።

## ቃሉን ወደ ጽሑፉ መልሶ ማገናኘት

ዝርዝሩ ላይ ከላይ የመጣልኝ «እንጀራ አይን እንዲያወጣ» ነበር። ሪፖርቱ ላይ ይህን ቃል ተጫኑት፤ ማጣሪያ ሆኖ ይያዛል። ከዚያ ወደ `Pages` ትር ሂዱ። ለዚህ ቃል የወጣው የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ያሳያችኋል።

እዚህ ላይ ሁለት ጽሑፍ እኩል እኩል ተካፍለውት ካገኛችሁ ቆም በሉ። የደረጃው ችግር የጽሑፉ ድክመት ሳይሆን የራሳችሁ ሁለት ጽሑፎች መሻማት ሊሆን ይችላል። አንዱን ማሻሻል ሽሚያውን አያበርደውም። የተሻለውን መርጣችሁ የሌላውን ጥሩ ጥሩ ክፍል ወደ እሱ ማዛወር፣ የቀረውን አድራሻ ደግሞ `301` በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ወደ እሱ ማዞር ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር የሚመልሱ ከሆነ ግን አትንኳቸው። የእኔ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር፣ ቀጠልኩ።

አሁን በተቃራኒው እናድርግ። የቃሉን ማጣሪያ አንሱና ጽሑፉን ራሱን ተጫኑ። ጠቅላላው እንዲህ ነበር፦ በሦስት ወር 3,200 ኢምፕሬሽን፣ 41 ክሊክ፣ አማካይ ደረጃ 14.2። ልክ ሁለተኛ ገጽ መካከል። ግን `Countries` የሚለውን ትር ስከፍት ነገሩ ሌላ ሆነ። አሜሪካ ላይ 900 ኢምፕሬሽን በደረጃ 9.8፤ እዚያ አንድ እግሩ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ኢትዮጵያ 1,200 በ12.6። ኤምሬትስና ሳዑዲ አንድ ላይ 500 በ14፣ እስራኤል 200 በ13። የቀሩት አገሮች 400፣ በደረጃ 30። አማካዩን ወደ 14 የጎተቱት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ብቻ ብቆጥር ጽሑፉ 12 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ `Queries`፦

- እንጀራ አይን እንዲያወጣ፦ 620 ኢምፕሬሽን፣ ደረጃ 12.4፣ 4 ክሊክ
- የእንጀራ እርሾ አሰራር፦ 480፣ ደረጃ 15.8፣ 2 ክሊክ
- `injera recipe`፦ 350፣ ደረጃ 31፣ ክሊክ የለም
- አብሲት አሰራር፦ 310፣ ደረጃ 11.7፣ 3 ክሊክ
- እንጀራ ዓይን፦ 90፣ ደረጃ 7.1፣ 9 ክሊክ

ደምሩት፤ 1,850 ነው፤ 3,200 አይሞላም። ከቀረው ከፊሉ ከታች ያሉ ጥቃቅን ረድፎች ናቸው፤ ብዙውን ግን ጉግል ይደብቀዋል። በጣም ጥቂት ሰዎች የጻፉትን ቃል ለፈላጊዎቹ ምስጢር ሲል አያሳይም። ስለዚህ ቁጥር አልገጠመም ብላችሁ አትጨነቁ። በቃል ስታጣሩ የተደበቁት ከድምሩ ይወጣሉ፣ ያ ብቻ ነው።

ደረጃ 30 ላይ የነበሩት «ሌሎች አገሮች» ደግሞ ማን እንደሆኑ አሁን ገባኝ። `injera recipe` ብለው በእንግሊዝኛ የፈለጉ ናቸው። የእኔ ጽሑፍ በአማርኛ ነው፣ ለእነሱ መልስ አይሆንም። ከስሌቱ አወጣኋቸው።

## ድካሙ ያዋጣል ወይ?

«እንጀራ ዓይን» አስቀድሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ ስለሆነ የቀሩት ሦስት ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ሪፖርቱን ትቶ የፍለጋ ገጹን መክፈት ግድ ነው። ብሮውዘራችሁን በስውር መስኮት ክፈቱና ቃሉን ፈልጉ። የምታዩት ውጤት ያላችሁበትን አገር ይከተላል፤ እኔ ሌላ ከተማ ያለች እህቴን ስክሪንሾት ላኪልኝ እላለሁ።

የማየው መጀመሪያው ገጽ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው። እንደ እኔ ያሉ ብሎጎች ካሉ በሩ ክፍት ነው። ሁሉም ቪዲዮ ከሆነ ሰው የሚፈልገው እያየ መከተል ነው፤ ጽሑፍ ቢያምር ቢሸለም ብዙ አይራመድም። ጥያቄው የመንግሥት ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፓስፖርት እድሳት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ጋር መወዳደር አያስፈልግም። ሌላም አለ፤ ሰው የአንድን ድርጅት ስም ጽፎ የፈለገው ድርጅቱን እንጂ እናንተን አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል ሁሌም ኢምፕሬሽኑ ትልቅ ሆኖ ያጓጓል። እለፉት።

«እንጀራ አይን እንዲያወጣ» የሚለውን ስፈልግ አንድ ሁለት ቪዲዮ፣ ከዚያ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች፣ ከዚያ የፌስቡክ ፖስቶች መጡ። ጽሑፎቹን አነበብኳቸው። አንዱም ወጥ ቤት ቀዝቃዛ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ይህ የሚገባበት በር ነው። «አብሲት አሰራር»ም እንደዚያው። «የእንጀራ እርሾ አሰራር» ግን ከላይ እስከ ታች ቪዲዮ ነበር። እሱን በልቤ ምልክት አደረግሁበት።

## ምን እንደጎደለ ማወቅ

አሁን ጽሑፉን ራሱን፣ ቃሉን ጽፎ እንደመጣ ሰው ሆኖ ማንበብ ነው። የሴትየዋ ሊጥ ቦክቷል፤ ምጣዱ ጋሏል፤ እንጀራው ልሙጥ ሆኖ ወጥቷል። በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች። የእኔ ጽሑፍ የሚጀምረው ስለ ጤፍ ታሪክ በአራት አንቀጽ ነበር። እውነት ለመናገር አፈርኩ።

ሁለተኛው ጉድለት አብሲት ነው። 310 ኢምፕሬሽን በአብሲት መጥቷል፣ ደረጃው 11.7። ጽሑፌ ውስጥ ግን አብሲት የተጠቀሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አብሲቱን ጥላችሁ ጠብቁ»። እንዴት እንደሚጣል አልነገርኩም። ጉግል በዚያች አንድ መስመር ይህን ያህል ከሰቀለኝ፣ ሙሉ ክፍል ብጽፍለትስ? ሪፖርቱ ከሚሰጠው ሁሉ ይህን የመሰለ ምልክት የለም፤ እምብዛም ባልነካችሁት ነገር ደረጃ 11 ወይም 12 ላይ መገኘት።

ሦስተኛው ፊደል ነው። «እንጀራ ዓይን» ብሎ የፈለገ ደረጃ 7 ላይ ያገኘኛል። «አይን» ብሎ የፈለገ ደረጃ 12 ላይ። ጽሑፌን ከፍቼ ስቆጥር በሙሉ «ዓይን» ነው፣ አንድም «አይን» የለም። ቃላቱ በትክክል አንድ ስላልሆኑ የፊደሉ ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን አብዛኛው ሰው በ«አ» እየጻፈ እኔ በ«ዓ» ሙጭጭ ማለቴ ትርጉም የለውም። የሰዋስው መምህሬ ይቅር ይበሉኝ።

## የሠራሁት

የጤፍ ታሪኩን ቆርጬ ወደ ሌላ ጽሑፍ አዛወርኩት። መጀመሪያው አንቀጽ አሁን ቀጥታ መልሱ ነው፦ እንጀራ አይን የማያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሊጡ በደንብ ስላልቦካ፣ አብሲት ስላልተጣለለት ወይም በቂ ስላልሆነ፣ አለዚያም ምጣዱ በሚገባ ስላልጋለ ነው። ከዚያ ሦስቱ በየራሳቸው ንዑስ ርዕስ።

የአብሲቱን ክፍል እኔ በምሠራበት ልክ ጻፍኩት። ከቦካው ሊጥ ላይ እርሾውን ቀድቶ ማንሳት፣ አንድ ብርጭቆ ሊጥ መጨለፍ፣ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ መጨመር፣ እስኪወፍር ማብሰል፣ ለብ ሲል ወደ ሊጡ መመለስ፣ ሊጡ እስኪነሳ መጠበቅ። አብሲቱ ትኩስ እያለ የተመለሰ እንደሆነ ምን እንደሚበላሽም ጨመርኩ፤ እህቴ እንደዚያ አድርጋ ሊጥ ደፍታለች። የቀዝቃዛ ወጥ ቤቱንም አልረሳሁም፦ ሊጡን መብራቱ የበራ ግን ያልጋለ ኦቨን ውስጥ ማሳደር። አራት ፎቶ አነሳሁ፤ አይኑ የወጣ፣ ልሙጡ፣ አብሲቱ ድስት ውስጥ፣ የተነሳው ሊጥ።

ርዕሱን «እንጀራ አይን እንዲያወጣ ምን ይደረግ? አብሲት፣ እርሾና የምጣድ ሙቀት» አልኩት። «ዓይን»ን ጽሑፉ ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ተውኩለት፤ ለደረጃ 7ቷ ስል።

ከራሴ ሌሎች ጽሑፎች ደግሞ ሊንክ ሰጠሁት። ስለ ጤፍ ዱቄት፣ ስለ ምጣድ ምርጫ፣ ስለ ሽሮ የጻፍኳቸው ነበሩ። ሊንኩ ያረፈበት ቃል «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን «እንጀራው አይን እንዲያወጣ» የሚል ነው።

ያልነካሁት አንድ ነገር የጽሑፉን አድራሻ ነው። አድራሻ መቀየር ያለውን ደረጃ በገዛ እጅ መበጥበጥ ነው። ቀኑን ብቻ ቀይሮ «ታደሰ» ማለትም እንዲሁ፤ ይዘቱ ካልተለወጠ ምንም አይፈይድም።

ሲያልቅ ከላይ ባለው የ`URL Inspection` ሳጥን አድራሻውን አስገብቼ `Request indexing` አልኩ። ጉግል ቶሎ ተመልሶ እንዲያየው መጠየቅ ነው፤ ቀኑን ቃል አይገባላችሁም። ያን ቀን ሉሁ ላይ ከፍለጋ ቃሎቹ ጎን ጻፍኩት።

## ውጤቱን ማንበብ

ሪፖርቱ ሁለት ሦስት ቀን ወደ ኋላ ስለሚቀር በማግስቱ መክፈት ራስን ማድከም ነው። እኔ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው ያየሁት። የቀኑን ማጣሪያ ክፈቱና `Compare` ውስጥ `Custom` ምረጡ። አንዱ ወገን ከለውጡ በፊት ያለ 28 ቀን፤ ሌላው የቅርቡ 28 ቀን። መሃል ላይ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ተዉአቸው፤ ያን ጊዜ ጉግልም ገና እየመዘነ ነው። ሁለቱም ወገን ርዝመታቸው እኩል ይሁን።

መጀመሪያ ጽሑፉን በሞላ አየሁት። አማካይ ደረጃ፦ በፊት 14.2፣ አሁን 16። ወረደ! ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ከዚያ በቃል በቃል አየሁት። «እንጀራ አይን እንዲያወጣ» ከ12.6 ወደ 6.8 ወጥቷል፤ ክሊኩ በ28 ቀን ከ1 ወደ 17። «አብሲት አሰራር» ከ11.9 ወደ 5.2። ታዲያ አማካዩ ምን ነካው? ጽሑፉ ሲሰፋ ከዚህ በፊት ጭራሽ በማይወጣባቸው ቃላት መውጣት ጀመረ። «የጤፍ ሊጥ ስንት ቀን ይቦካል» ደረጃ 43፣ «ኦቨን ውስጥ ሊጥ ማቡካት» ደረጃ 38። እነዚህ አዳዲሶች ከታች ሆነው አማካዩን ጎተቱት። ስለዚህ ውጤት የሚለካው መጀመሪያ በመረጣችሁት ቃል ብቻ ነው፤ ቀኑን የጻፋችሁበት ሉህ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስድስት ሳምንት አልፎ የመረጣችሁት ቃል ምንም ካልተነቃነቀ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ `URL Inspection` ላይ ጉግል ገጹን መጨረሻ የጎበኘበት ቀን ከለውጡ በፊት ከሆነ አዲሱን ገና አላየውም፤ ጠብቁ። ሁለተኛ፣ ካየው የፍለጋ ገጹን እንደገና ክፈቱ። ምናልባት ሰዎች የሚፈልጉት እናንተ የጻፋችሁትን ዓይነት ነገር አይደለም።

የእኔ ሦስተኛ ቃል እንደዚያ ሆነ። «የእንጀራ እርሾ አሰራር» ከ15.8 ወደ 14.9፤ ከቦታው ነቅ አላለም ማለት ይቻላል። ጉግል አዲሱን ገጽ አይቶታል፣ ክፍሉም ንዑስ ርዕስ አለው። ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ አሁንም የእርሾ ማሰሮ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ናቸው። ሉሁ ላይ ቃሉን ሰርዤ «ቪዲዮ» ብዬ ጻፍኩበትና ወደሚቀጥለው ረድፍ፣ «የሽሮ ዱቄት አዘገጃጀት»፣ 410 ኢምፕሬሽን፣ ደረጃ 11.2፣ አለፍኩ።